የትራንዛክሽን ቁጥር ምንድን ነው?

ሱቅዎ የካርድ ማሽን የለውም እንበል። ደንበኛው በሞባይል ገንዘብ ይከፍልና ስልኩን ወደ እርስዎ አዙሮ «ይኸው፣ ገብቷል» ይላል። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት አለ፣ መጠኑም ልክ ነው። እቃውን ይሰጡታል?

ቆይ! ያ ስክሪን የሚያሳየው የላኪውን ወገን ብቻ ነው። ስክሪንሾት ይቀየራል፣ የትናንቱም ዛሬ ይታያል። የሚታመነው በራስዎ ሂሳብ ላይ የሚታየው ነው። ደንበኛው ያሳየዎትንና እርስዎ ጋ የገባውን የሚያገናኘው ደግሞ የትራንዛክሽን ቁጥር ነው። ይህ ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ዝውውር የሚሰጠው የማይደገም መለያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት።

ጥቅሙ የሚታየው ሰው ሲበዛ ነው። ሁለት ደንበኞች በሦስት ደቂቃ ልዩነት እኩል 850 ላክን አሉ። ስልክዎ ላይ ግን አንድ 850 ብቻ ገብቷል። የማን ነው? በመጠን መለየት አይቻልም። የሁለቱንም ቁጥር ጠይቀው ከገባው ጋር ያስተያዩ። የተመሳሰለለት እቃውን ይወስዳል፤ ሌላው ይጠብቃል። ቁጥሩን ከሽያጩ ጎን በደብተር ይጻፉት። ነገ ሌላ ሰው ያንኑ ስክሪንሾት ይዞ ቢመጣ፣ ቁጥሩ ደብተሩ ላይ አለ፤ ነገሩ እዚያው ይነቃበታል።

የገባልዎትን መልእክትም ዝም ብለው አይመኑት። ሐሰተኛ ኤስኤምኤስ እውነተኛውን መምሰል አያቅተውም። ቀሪ ሂሳቡን ግን መገመት ይከብደዋል። ቀድሞ 4,200 ከነበረዎትና 850 ከገባ፣ 5,050 መሆን አለበት። ካልሆነ፣ ወይም መልእክቱ ከተራ የስልክ ቁጥር ከመጣ፣ አፑን ራስዎ ከፍተው ይዩ። እኔ ብሆን ሁልጊዜ አፑን ነው የማየው።

ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ሲላክ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ላኪው ጋ «ተልኳል» ቢልም እርስዎ ጋ ሊዘገይ ይችላል፤ ሁለቱ ባንኮች የሚያሳዩት ቁጥርም ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ደንበኛው «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ የትዕዛዙን ቁጥር እንዲጽፍ ይንገሩት። ያኔ ስም፣ ሰዓትና ትዕዛዝ አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ሂሳቡ የሚገባው በባለቤቱ ስልክ ሆኖ ባንኮኒው ላይ ሌላ ሰው ከቆመ፣ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። ሻጩ የሚያየው የደንበኛውን ስክሪን ብቻ ነውና። የገባውን ብቻ የሚያይ፣ ማውጣት የማይችል የነጋዴ አካውንት የሚሰጥ አገልግሎት ካለ እሱን ይውሰዱ። ከሌለ ገቢ ማሳወቂያው የሚደርሰው ስልክ ባንኮኒው ላይ ይቀመጥ፤ የይለፍ ቁጥሩ ግን ባለቤቱ ጋ ይቅር።

አንዳንዴ ደግሞ «በስህተት ላክሁልህ፣ መልስልኝ» የሚል ይደውላል። በእጅዎ መልሰው አይላኩ፤ ላኪው አገልግሎት ሰጪውን ጠይቆ ማስመለስ ይችላል። በሁለቱም መንገድ ከተመለሰ አንዱ ከኪስዎ ይወጣል።