አሴፕቲክ ቴክኒክ ምንድን ነው? የሽንት ቱቦ ሲገባ የሁለቱ እጆች ሥራ

ጅማ ውስጥ በኦፕራሲዮን ልትወልድ የተዘጋጀች እናት እናስብ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ካቴተር፣ ማለትም የሽንት ቱቦ፣ ይገባላታል። ቱቦው ከውጭ በቀጥታ ወደ ሽንት ፊኛ ያደርሳል። ጀርምም በዚያው መንገድ ሊገባ ይችላል። አሴፕቲክ ቴክኒክ የሚባለው ስቴራይል፣ ማለትም ከጀርም ፍጹም የጸዳ፣ የሆነው ዕቃ ስቴራይል ያልሆነን ነገር ሳይነካ የሚሠራበት መንገድ ነው።

ነርሷ እጇን ታጥባ ስቴራይል ጓንት ታጠልቃለች። ስቴራይል ጨርቅም ታነጥፋለች። ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር የእጆቿ የሥራ ክፍፍል ነው።

በግራ እጇ የብልት ከንፈሮችን ትከፍታለች። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ግራ እጇ ጓንት ቢኖረውም ስቴራይል አይደለም። ቱቦውን አይነካም፣ ዕቃው ላይም አያርፍም። ቱቦው እስኪገባ ድረስ ግን መልቀቅ የለበትም። ከለቀቀ ከንፈሮቹ ተመልሰው ይገጥማሉ፤ የተጠረገው ቦታ እንደገና ይቆሽሻል። ያኔ ጽዳቱ ከሀ ይጀመራል። ቀኝ እጇ በፒንሳ ጎዝ ይዛ ከፊት ወደ ኋላ ትጠርጋለች። አንድ ጎዝ አንዴ ብቻ ይጠርጋል፣ ከዚያ ይጣላል።

አሁን ቱቦው ገባ፣ ሽንት ግን አልመጣም እንበል። ብዙ ጊዜ ቱቦው የገባው ከሽንት ቀዳዳው በታች ባለው የብልት ቀዳዳ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ያንኑ ቱቦ አውጥቶ ወደ ሽንት ቀዳዳ መክተት የብልትን ባክቴሪያ በእጅ ይዞ ፊኛ ውስጥ መጨመር ነው። የተሳሳተው ቱቦ ምልክት እንዲሆን እዚያው ይቆይ። አዲስ ስቴራይል ቱቦ ይከፈትና ከሱ በላይ ይግባ። የመጀመሪያው ከዚያ በኋላ ይወጣል። ሽንት ሲመጣ ቱቦው ትንሽ ገፋ ይደረጋል፤ ቱቦው ከፊኛ እንዳይወጣ የሚይዘው ጫፉ ላይ ያለው ባሉንም በተጻፈበት ልክ፣ ብዙ ጊዜ በ10 ሚሊ ሊትር ስቴራይል ውሃ፣ ይሞላል።

ከዚህ ወዲያ ሽንቱ የሚጠራቀምበት ከረጢት ዘወትር ከፊኛዋ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ወለል ግን አይንካ። በስትሬቸር ስትወሰድ ከረጢቱን ሆዷ ላይ መጫን የቆየውን ሽንት ወደ ፊኛ ይመልሰዋል። ይህን ለአስታማሚዎቹ በሚገባቸው ቋንቋ መንገር ያስፈልጋል። ጅማ ላይ ለብዙዎቹ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። ቱቦውና ከረጢቱ ከተገጣጠሙ አይነጣጠሉ። ሽንቱ ሲደፋ የከረጢቱ አፍ የሚደፋበትን ዕቃ አይንካ።

ቱቦው በቆየ ቁጥር ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እየተረታ ይሄዳል። ቱቦ ከገባላቸው 100 ሰዎች በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በሚሆኑት ሽንት ውስጥ አዲስ ባክቴሪያ ይገኛል። ስለዚህ እናቲቱ ተነስታ መራመድ ከቻለች ሐኪሟ ወይም ነርሷ «ቱቦው ዛሬም ያስፈልጋል?» ብለው ይጠይቁ። የሽንቱ መደፍረስ ወይም መሽተት ብቻውን ኢንፌክሽን ነው አያሰኝም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከእምብርት በታች ሕመም ሲመጣ ግን ይመርመር። ናሙናውም ከከረጢቱ ሳይሆን ከቱቦው የናሙና መውሰጃ በስሪንጅ ይወሰድ፤ ከረጢት ውስጥ የቆየ ሽንት ባክቴሪያ ስለሚያራባ ውጤቱን ያሳስታል።