ፒ ቫልዩ ከ0.05 በላይ መሆኑ «ልዩነት የለም» ማለት ነው?

በሕክምና ጥናቶች መደምደሚያ ላይ «ፒ ቫልዩው ከ0.05 በላይ ስለሆነ መድኃኒቱ ጥቅም እንደሌለው ተረጋግጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይታያል። ይህንኑ አጻጻፍ የተቹ ሰዎችን አንድ አስተያየት ሰጪ በቅርቡ «ቁጥሩ የተናገረውን መቀበል ነው» ሲሉ ሞግተዋል። ቁጥሩ ግን እንዲህ አላለም። ፒ ቫልዩ የሚሰላው መድኃኒቱ ምንም ለውጥ አያመጣም ብለን ከተነሣን በኋላ ነው፤ የሚነግረንም ግምቱ እውነት ቢሆን፣ ያየነውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የማየት ዕድላችንን ነው። የተነሣንበትን ግምት መልሶ ሊያረጋግጥልን አይችልም።

የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሃርት አታክ በገጠማቸው ሕሙማን ላይ ለብዙ ዓመታት ከተሞከረባቸው አነስተኛ ጥናቶች አብዛኞቹ ከ0.05 በታች አልደረሱም። እ.ኤ.አ. በ1986 ጣሊያን ውስጥ ከ11,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተው ጥናት ውጤቱን ሲያወጣ፣ በ21 ቀናት ውስጥ መድኃኒቱን ካላገኙት 13 በመቶው፣ ካገኙት ደግሞ 10.7 በመቶው መሞታቸው ታየ፤ ፒ ቫልዩውም 0.0002 ነበር።

አሁን ተመሳሳዩ መድኃኒት በየቡድኑ 200 ሰው ብቻ ባለው ጥናት ተሞክሮ፣ መድኃኒቱን ካላገኙት 26፣ ካገኙት 21 ሰው ሞተ እንበል። ፒ ቫልዩው 0.44 ገደማ ይሆናል። የ95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን ስናሰላ ግን፣ መድኃኒቱ ከ100 ሕሙማን 9 ያህሉን ከሞት ከማትረፍ አንሥቶ 4 ያህል ተጨማሪ ሰው እስከመግደል ያለው ሁሉ ከመረጃው ጋር እንደሚስማማ እናያለን። ይህን «ጥቅም የለውም» ብሎ መጻፍ፣ ዓይኑ ሰፊ በሆነ ወንፊት ጤፍ ነፍቶ ከላይ ምንም ስላልቀረ እህሉ ውስጥ ጤፍ አልነበረም እንደማለት ነው። የወንፊቱን ዓይን የሚያጠብበው በዋናነት የናሙናው ብዛት ነው። በየቡድኑ 200 ሰው ያለው ጥናት የጣሊያኑን ያህል ልዩነት በትክክል ቢኖር እንኳ፣ ከ10 ሙከራ በ9ኙ ገደማ ሳይዘው ያልፋል። ዓይኑ እጅግ ሲጠብ ደግሞ አቧራውም ከላይ ይቀራልና፣ በሰፊ ናሙና የተገኘ ትንሽ ፒ ቫልዩም ልዩነቱ ለሕመምተኛው የሚረባ መሆኑን አያሳይም።

ስለዚህ ደራሲው የልዩነቱን መጠን ከነኢንተርቫሉ አስቀምጦ «ጥናቱ ልዩነት መኖሩን አላሳየም፤ ጠቃሚ የሆነ ልዩነት መኖሩንም ማስቀረት አልቻለም» ብሎ ይጻፍ። ልዩነት የለም ለማለት የሚፈልግ ተመራማሪ፣ ከቁም ነገር የማይቆጠረው ልዩነት እስከ ስንት እንደሆነ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት መወሰን አለበት፤ ኢንተርቫሉ ሙሉ በሙሉ በዚያ ወሰን ውስጥ ካረፈ ብቻ እንዲህ ሊል ይችላል። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ባገኙት ልዩነት ላይ ተመሥርቶ የጥናቱን ልዩነት የመያዝ አቅም ማስላት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ስሌቱ ያንኑ ፒ ቫልዩ በሌላ መልክ ከመድገም በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።