የንግግር እንድምታ፦ «የተወሰነው ወርዷል» ሲባል ሰሚው ምን ይረዳል?

የንግግር እንድምታ ተናጋሪው በቃል ሳያወጣው ሰሚው ከአነጋገሩ የሚደርስበት መልእክት ነው። ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ፣ ድንች የጫነ አይሱዙ ደርሷል እንበል። ባለዕቃዋ ቤቷ ሆና መጋዘን ላለው ልጅ ትደውላለች። «ድንቹ ወረደ?» «የተወሰነው ወርዷል፣ እትዬ።» ስልኩን ስትዘጋ መኪናው ላይ ገና ጆንያ እንዳለ አምናለች። ልጁ ግን «የቀረ አለ» የሚል ቃል አልወጣውም። በቃሉ ብቻ ከሄድን፣ ድንቹ በሙሉ ወርዶ ቢሆንም እንኳ ዋሽቷል ማለት አይቻልም፤ ሁሉም ከወረደ የተወሰነውም ወርዷልና። ታዲያ «ሁሉም አልወረደም» የሚለውን ከየት አመጣችው?

ለዚህ ጥያቄ ሥርዓት ያለው መልስ የሰጠው እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፖል ግራይስ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረባቸው ንግግሮች ሐሳቡን ዘረጋ፤ ዋናው ክፍል በ1975 ታተመ። የግራይስ መነሻ ተነጋጋሪዎች ለአንድ ዓላማ ይተባበራሉ የሚል ነው። ስለዚህ ሰሚው ከተናጋሪው የሚጠብቃቸው ነገሮች አሉ፦ የሚያስፈልገውን ያህል፣ ሳያጎድልም ሳያበዛም እንዲናገር፤ እውነት ያልመሰለውን እንዳይናገር፤ ከጉዳዩ እንዳይወጣ፤ ግልጽ አድርጎ እንዲያስቀምጠው። በድንቹ ጉዳይ ሥራውን የሚሠራው በዋናነት የመጀመሪያው፣ የመጠኑ ነው።

የባለዕቃዋ ሐሳብ እንዲህ ይሄዳል። ልጁ «የተወሰነው» አለ። «ሁሉም» ማለት ይችል ነበር፤ ቃሉ አይረዝምም፣ የጠየቅሁትንም የበለጠ ይመልስልኛል። ሊረዳኝ የሚፈልግ ልጅ ይህን የተሻለ መልስ ከተወው፣ «ሁሉም ወርዷል» ለማለት የሚያበቃ ነገር የለውም ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ የተገኘው ደካማው ድምዳሜ ነው፦ ልጁ ሁሉም ስለመውረዱ እርግጠኛ አይደለም። «ሁሉም አልወረደም» ወደሚለው ጠንካራ ድምዳሜ ለመሻገር አንድ ነገር መጨመር አለበት፤ ልጁ መኪናው ሥር ቆሞ ነገሩን በዓይኑ እያየ ነው የሚል። ልጁ ሌላ ሰፈር ሆኖ ከሹፌሩ የሰማውን ቢያስተላልፍ ኖሮ እሷም ደካማው ላይ መቆም ነበረባት። በገበያ ስልክ ላይ ከሚፈጠሩት አለመግባባቶች አንዳንዶቹ የሚመጡት ይህችን እርከን ሳያስተውሉ ከመዝለል ነው። መልእክተኛው የማያውቀውን ስላልተናገረ ብቻ «የለም» እንዳለ ይቆጠርበታል።

ይህ ዓይነቱ መልእክት እንድምታ መሆኑ በሁለት ፈተናዎች ይታወቃል። አንደኛው መሻር ነው። ልጁ «የተወሰነው ወርዷል፣ እንዲያውም ሁሉም አልቋል» ቢል ራሱን አልተቃረነም። «የተወሰነው ወርዷል፣ እንዲያውም ምንም አልወረደም» ቢል ግን ንግግሩ ይፈርሳል። በቃል የተባለ ነገር ያለ ጠብ አይሻርም፤ እንድምታ ግን ይሻራል። ሁለተኛው ፈተና መተካት ነው። በ«የተወሰነው» ቦታ «ከፊሉ» ቢገባ እንድምታው አይለወጥም፤ የመጣው ከተባለው ሐሳብ እንጂ ከቃሉ ድምፅ ስላልሆነ ነው።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሰጣል። ሁለት ዓይነት ዕቃ ስትጠብቅ የቆየች ነጋዴ «ሽንኩርቱማ ደርሷል» ስትባል፣ ስለ ቲማቲሙ መጥፎ ነገር እንዳለ ወዲያው ይገባታል። ይህን ያመጣው ግን «ማ» ነው። እሱን አውጥተን «ሽንኩርቱ ደርሷል» ካልን ስለ ቲማቲሙ የነበረው ጥርጣሬ በእጅጉ ይቀንሳል። «ሽንኩርቱማ ደርሷል፣ ቲማቲሙም ደርሷል» ማለትም ለጆሮ ይጎረብጣል። ስለዚህ ይህኛው የቃሉ የራሱ ሸክም ነው እንጂ ሰሚው አስቦ የደረሰበት ብቻ አይደለም። ሰምና ወርቅም ከእንድምታ ጋር ባይደባለቅ ይሻላል፤ በቅኔ ወርቁ የሚገኘው ራሱ ቃሉ በሁለት መንገድ ሲፈታ ነው፣ እንድምታ ግን ቃሉ አንድ ፍቺ ብቻ ኖሮትም ይወጣል።

ከተዛምዶ፣ ማለትም ተናጋሪው ከጉዳዩ አይወጣም ከሚለው ግምት፣ የሚወለደው እንድምታ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠይቃል፤ ያልተነገረ መካከለኛ ሐሳብ። «ቅዳሜ ሐረር አብረሽን ትሄጃለሽ?» «ብርድ አይስማማኝም።» መልሱ ስለ ጉዞ አንዲት ቃል የለውም፤ ሆኖም ድሬዳዋ ያለ ሰው «አልሄድም» እንዳለች ይረዳል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። በመንገድ ከ60 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ አየሩ እንደሚለወጥ ሁሉም ያውቃል። የሚገርመው ይህን የማያውቅ እንግዳም መልሱ አይጠፋውም። ከጉዳዩ አልወጣችም ብሎ ስለሚያምን ወደ ኋላ ተመልሶ «ለካ ሐረር ብርድ ነው» ይላል። እንድምታው ብቻ ሳይሆን እንድምታው የቆመበትን ዕውቀት ጭምር ከአንድ መልስ ያገኛል ማለት ነው።

ስሌቱ የሚከሽፍባቸው ቦታዎችም ይታወቃሉ። «የተወሰነው» በ«ከሆነ» ወይም በ«ካለ» ሥር ሲገባ እንድምታው ይጠፋል። ባለዕቃዋ «ከጆንያዎቹ የተወሰኑት ረጥበው ከሆነ ደውልልኝ» ብላ ካዘዘች፣ ሁሉም ረጥበው ያገኘ ልጅ «የተወሰኑት ነው ያለችኝ» ብሎ ዝም ሊል አይችልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እዚህ ላይ «ሁሉም» ብትል ትእዛዙ ይጠብባል እንጂ አይሰፋም። ስለዚህ ሰሚው የተተወ የተሻለ ቃል አለ ብሎ የሚያስብበት ምክንያት የለውም።

ይሉኝታ ሌላው ነው። ለምግብ ቤት ባለቤት «አንዳንድ ደንበኞች ወጡን አልወደዱትም» ሲባል፣ «አንዳንድ» የተባለው ቁጥሩ አንሶ ነው ወይስ ተናጋሪው ሊያስቀይም አልፈልግ ብሎ? ሰሚው መለየት አይችልም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቦንፎንና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ንግግሩ የሰሚውን ክብር የሚነካ ሲሆን ሰዎች ከ«አንዳንድ» ተነስተው «ሁሉም አይደሉም» ወደሚለው የመሄድ ዝንባሌያቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በዋጋ ክርክርም ትብብሩ ራሱ ይላላል። «ትናንት በ40 ሸጫለሁ» ያለ ነጋዴ በ35 አልሸጠም ብሎ መደምደም የዋህነት ነው፤ ሙሉውን መረጃ የመስጠት ግዴታ የለበትም፣ ገዢውም ያውቃል።

ልጆች ላይ የተገኘው ውጤት ብዙ ሰው ከሚገምተው ተቃራኒ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አይራ ኖቬክ በ2001 እ.ኤ.አ. «አንዳንድ ቀጭኔዎች ረጅም አንገት አላቸው» የሚሉ ዓይነት አባባሎችን ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች አቀረበ። ከ8 ዓመት ልጆች 89 በመቶው፣ ከ10 ዓመቶቹ 85 በመቶው አባባሉን ሲቀበሉ፣ ከአዋቂዎቹ የተቀበሉት ግን 41 በመቶ ነበሩ። ልጆቹ የቃሉን ትርጉም አልሳቱም፤ የቀራቸው ቃሉን ከተተወው «ሁሉም» ጋር ማመዛዘኑ ነው። ስለዚህ ለልጅ «የተወሰነውን ብላ» ብሎ የቀረውን ጠብቆ መቆጣት ልክ አይደለም፤ «ግማሹን ብላ፣ ግማሹን ለእህትህ አስቀምጥ» መባል አለበት።

በስልክ እርግጡን ማወቅ የሚፈልግ ሰው እንድምታውን ወደ ጥያቄ መለወጥ ይችላል። ባለዕቃዋ «የተወሰነው» የሚለውን ከሰማች በኋላ «መኪናው ላይ የቀረ አለ? ራስህ አይተሃል?» ብትለው፣ በግምት የያዘችውንና ልጁ በዓይኑ ያየውን በሁለት አጭር ጥያቄዎች ትለያለች። መልሱ «አዎ፣ ወደ አሥር ጆንያ አለ» ከሆነ የቀረው አሁን በቃል ተነግሯል፤ ልጁም በኋላ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» ሊል አይችልም።