የፈሰሰ ነዳጅን ከውሃ ላይ መቆጣጠር፦ ከባሕር እስከ ባንተ ይቅጡ

የነዳጅ መፍሰስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ባሕር ላይ የተሰበረ መርከብ ነው። መሃል አዲስ አበባ ግን ነዳጅ የሚደርሰው ከጅቡቲ በቦቴ ነው። ከማደያ ወይም ከጋራዥ ያመለጠ ናፍጣ በጎርፍ መውረጃ ቱቦ በኩል በፍልውሃ አጠገብ ወደሚያልፈው ባንተ ይቅጡ ወንዝ ይገባል፤ ከዚያም በቀበና አድርጎ ወደ ትልቁ አቃቂና ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። በዓለም ላይ የታወቁት ሦስት መሣሪያዎች፣ ማለትም ቡም፣ ዲስፐርሳንትና ስኪመር፣ የተሠሩት በዋናነት ለባሕርና ለወደብ በመሆኑ እንዲህ ባለ ጠባብ ወንዝ ላይ ጠባያቸው ይለወጣል።

ዲስፐርሳንት የሚረጭ ኬሚካል ነው፤ ዘይቱን፣ ማለትም የፈሰሰውን ነዳጅ፣ አያስወግድም። እንደ ሳሙና ሰባብሮ በጥቃቅን ጠብታ መልክ ወደ ታች ያወርደዋል፣ የቀረውን ሥራ ለባክቴሪያና ለሰፊው ውሃ ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለችው መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ስትሰበር የተረጨው ማጽጃ ራሱ መርዛማ ስለነበር፣ በየባሕሩ ዳርቻ ከዘይቱ የባሰ ጉዳት አደረሰ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ኬሚካሎች የለዘቡ ናቸው።

ብዙ የተጻፈለት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2010 ዲፕዋተር ሆራይዘን በተባለው የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ መድረክ ላይ የደረሰው አደጋ ነው። በፍንዳታው 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ጉድጓዱም 87 ቀን ሙሉ ሲተፋ ቆየ። 7 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ዲስፐርሳንት ጥቅም ላይ የዋለ ሲሆን፣ ከፊሉ 1,500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በቀጥታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተለቋል፤ ይህ ከዚያ በፊት በዚህ መጠን አልተሞከረም። የአሜሪካ መንግሥት ከፈሰሰው ዘይት በኬሚካሉ የተበተነው 8 በመቶ ነው ብሎ በኋላ ቁጥሩን ወደ 16 በመቶ አሳድጎታል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ መልቀቁ ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የማያከራክረው የስኪመር ድርሻ ነው፤ ያን ሁሉ መርከብ አሰማርተው የገፈፉት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ለአዲስ አበባ ግን ክርክሩ አያስፈልግም። አብዛኛው ዲስፐርሳንት የተቀመመው ለጨዋማ ውሃ ነው፤ የሚያናውጥ ማዕበልና የሚያሳሳ ጥልቀትም ይፈልጋል። ጉልበት የማይሞላ ወንዝ ውስጥ መርጨት ናፍጣውን ከውሃው ጋር ከማዋሐድ ያለፈ ውጤት የለውም።

ቡም ከላይ ተንሳፋፊ፣ ከታች ቀሚስ፣ ከግርጌው ክብደት ያለው ረጅም መከለያ ነው። ጠላቱ ፍጥነት ነው። ውሃው በሰከንድ ከ0.35 ሜትር በላይ እየሄደ ፊት ለፊት ከገጠመው ዘይቱ በቀሚሱ ስር ይሾልካል፤ ከቡሙ ኋላ ትንንሽ ጠብታዎች ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ ይታወቃል። ስለዚህ በወንዝ ላይ ቡም በሰያፍ ይዘረጋል። ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ ወንዝ እንውሰድ። ቅጠል ቢጣልበትና 10 ሜትሩን በ14 ሰከንድ ቢጨርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.7 ሜትር ገደማ፣ ማለትም የገደቡ እጥፍ ነው። ቡሙ ከፍሰቱ ጋር 30 ዲግሪ ያህል እንዲይዝ ሲጋደም ፊት ለፊት የሚገፋው ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል፤ ርዝመቱም 12 ሜትር ይሆናል። ናፍጣው ቡሙን ታኮ ወደ ታችኛው ጥግ ይንሸራተታል፣ የሚሰበሰበውም እዚያ ነው። የፈሰሰው ቤንዚን ከሆነ ግን መከበብ የለበትም። በአንድ ቦታ የታጎረ ቤንዚን ተኑ በትንሽ ብልጭታ ስለሚቀጣጠል መጀመሪያ ሰው ይርቃል፣ ፎም የሚባለው የእሳት ማጥፊያ አረፋ ይዘጋጃል።

ስኪመር እናቶች የወጥ ቅባት በጭልፋ እንደሚገፍፉት ዘይቱን ከላይ ይገፍፋል፤ ግን ወፍራም ንብርብር ይፈልጋል። ቀስተ ደመና የሚመስለው ሽፋን ውፍረቱ ከ5 ማይክሮን አይበልጥም፤ አንድ ሊትር ናፍጣ በ1 ማይክሮን ውፍረት ቢዘረጋ 1,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ያንን ልግፈፍ ያለ ሰው በርሜሉን የሚሞላው በውሃ ነው። በመሃል ከተማ ደግሞ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ አፉን ይዘጉታል፤ ውሃው ወደ ማሽኑ በሚመጣበት በኩል ወንፊት መዘርጋት ግድ ነው።

ውሃው ከጉልበት በታች ሲሆን የቡሙ ቀሚስ አልጋውን ሊነካ ይደርስና ስሩ የቀረው ውሃ ይፈጥናል። ያኔ የሚያዋጣው የአፈር ከረጢት ደርድሮ ግድብ መሥራት ነው። በግድቡ ውስጥ ቱቦ ይገባል፤ የላይኛው አፉ ወንዙ አልጋ አጠገብ ይጠልቃል፣ የታችኛው አፉ ከፍ ይላል። ውሃው ከስር እየተሳበ ይወጣል፣ ናፍጣው ከላይ ይቀራል። ቱቦው የወንዙን ፍሰት መሸከም ካልቻለ ውሃው በግድቡ አናት ይፈስና ናፍጣውን ይዞት ይሄዳል። በሐምሌና በነሐሴ ደራሽ ሲመጣ ይህም አይሠራም፤ የሚቻለው ናፍጣው ወንዙ ሳይደርስ የጎርፍ መውረጃውን አፍ በአሸዋ ከረጢት መድፈን ነው።