ፓምፑ ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች አብረው አይገኙም

ፒያሳ ያለ ፎቅ ላይ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ እንውሰድ። ሰሌዳው «ከፍታ እስከ 42 ሜትር፣ ፍሰት በደቂቃ እስከ 93 ሊትር» ይላል። 42 ሜትሩ የሚገኘው ግን ውሃው ጭራሽ ሳይፈስ ነው።

ከታችኛው ታንከር እስከ ጣሪያው ሮቶ 24 ሜትር ነው እንበል። የቧንቧው ሰበቃም በሜትር ተቆጥሮ በዚህ ላይ ይጨመራል፤ ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ያድጋል። በደቂቃ 25 ሊትር ሲፈስ ሰበቃው 1.5 ሜትር ነው። ሕንፃው 25.5 ይጠይቃል፣ በአምራቹ ግራፍ ፓምፑ 39 ይሰጣል። ትርፍ ስላለ ፍሰቱ ይጨምራል። በ50 ሊትር ሰበቃው 6 ይደርሳል፤ የሚጠየቀውም የሚሰጠውም 30 ሜትር ይሆናል። በግራፉ ላይ ሕንፃው የሚጠይቀውና ፓምፑ የሚሰጠው መስመሮች እዚህ ይቆራረጣሉ፣ ፓምፑም እዚሁ ይረጋል።

ጣሪያው ላይ ባለ 200 ሊትር በርሜል በ4 ደቂቃ ከሞላ ስሌቱ ልክ ነው። 6 ደቂቃ ከፈጀ ግን ፓምፕ ከመቀየራችሁ በፊት በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ወይም የዛገ ቧንቧ እንዳለ እዩ፤ ሰበቃ ሲበዛ መቆራረጫው ወደ ትንሹ ፍሰት ይሸሻል።