ከአንድ ምጣድ ስንት ይገኛል? የአፊሊየት ኮሚሽንና ሊንክን በግልጽ መናገር

አሜሪካ ያለ ሐበሻ እንጀራ ለመጋገር ብዙ ጊዜ የሚገዛው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሄሪቴጅ ግሪል ይባላል። የተሠራው ለእንጀራ አይደለም፤ የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ሌፍሳ የሚሉትን ስስ ቂጣ የሚጋግሩበት ነው። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለእኛም ተስማማን። አሁን አንዷ እህታችን ስለዚህ ምጣድ በአማርኛ ጻፈች እንበል፤ እንዴት እንደሚሟሽ፣ ሙቀቱ ስንት ላይ እንደሚደረግ። ከሥር የአማዞንን ሊንክ አስቀመጠች። ገንዘቡ የሚመጣው ከዚህች ሊንክ ነው፤ አፊሊየት ሊንክ የሚሏት ይህች ናት።

አሠራሩ የድለላ ሥራ ነው። ገዢ ታመጣለህ፣ ሻጩ ይከፍልሃል። አማዞን ይህን ፕሮግራም የጀመረው በ1996 ሲሆን (በእነሱ አቆጣጠር)፣ ለተመዘገበ ሰው የራሱን መለያ ይሰጠዋል። መለያው ሊንኩ መጨረሻ ላይ ይገባል፦

```
amazon.com/dp/...?tag=enjera-20
```

አንባቢ ሊንኩን ሲጫን መለያው ይመዘገባል። ከዚያ 24 ሰዓት ይቆጠራል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምጣዱን ትቶ ጫማ ቢገዛም ኮሚሽኑ ይታሰባል፣ በጫማው ተመን ማለት ነው። ዕቃውን በ24 ሰዓቱ ውስጥ ቅርጫት ውስጥ ከቶ ከሳምንት በኋላ ቢከፍልም ችግር የለውም። ግን መሀል ላይ የሌላ ሰው ሊንክ ከተጫነ ያኛው ይወስደዋል። ብዙ ሰው ተጭኖ ሽያጩ ዜሮ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው የ24 ሰዓት ገደብ ነው፤ አንባቢው «ደመወዝ ሲወጣ እገዛዋለሁ» ይላል፣ ሲመለስ ቀጥታ አማዞንን ከፍቶ ይገዛል።

እስቲ እናስላው። ምጣዱ 150 ዶላር ነው እንበል። የወጥ ቤት ዕቃ ተመን አሜሪካ ውስጥ 4.5 በመቶ ስለነበር 6 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። የግሮሰሪ ዕቃ ግን 1 በመቶ ነው፤ የ20 ዶላር ጤፍ ብታሸጥ 20 ሳንቲም ብቻ። ተመኑን የሚወስነው አማዞን ነው፣ ሲፈልግም ይቀንሰዋል፤ በ2020 ሚያዝያ ላይ ብዙዎቹን ዘርፎች በአንድ ጊዜ ቆርጧቸዋል። ዕቃው ከተመለሰ ኮሚሽኑም ይመለሳል። ክፍያው ወሩ ካለቀ 60 ቀን ገደማ ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ የጥር ሽያጭ መጋቢት መጨረሻ አካባቢ። አዲስ ተመዝጋቢ በ180 ቀን ውስጥ ሦስት ሽያጭ ካላመጣ አካውንቱ ይዘጋል። በራስህ ሊንክ ለራስህ መግዛት ደግሞ ክልክል ነው፣ ይደርሱበታልም።

አሁን ወደ ግልጽነቱ። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ) ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ስለ ዕቃው ስትመሰክር ከሽያጩ የምታገኘው ነገር ካለ አንባቢው ከመጫኑ በፊት ይወቅ። ገጹ ትንሽ ነው፣ ገቢው ሰባት ዶላር ነው ብሎ የሚቀር ነገር የለም።

እኛ ሰዎች የምንስተው ቋንቋው ላይ ነው። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች አማርኛ፣ ኮሚሽን እንዳለ የሚናገረው ማሳወቂያ ግን እንግሊዝኛ፣ ያውም ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል። ምስክርነቱ በየትኛው ቋንቋ ከሆነ ማሳወቂያውም በዚያው ቋንቋ መሆን አለበት። ምጣድ የምትገዛው እናት ያንን እንግሊዝኛ ላታነበው ትችላለች። «አፊሊየት ሊንክ» ብሎ ማለፍም አይበቃም፣ ብዙ ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም። እህታችን ከመጀመሪያው ሊንክ በላይ እንዲህ ብትጽፍ ይበቃታል፦

«እዚህ ባሉት የአማዞን ሊንኮች ከገዛችሁ ኮሚሽን አገኛለሁ። እናንተ የምትከፍሉት አይጨምርም።»

አማዞን ራሱ የሚያስገድደው As an Amazon Associate I earn from qualifying purchases የሚል ዓረፍተ ነገርም አለ። እሱንም ታስቀምጥ፣ ግን የአማርኛውን አይተካውም። ሊንኩን ብቻ ቆርጣ ቴሌግራም ላይ ስትለጥፈው ማሳወቂያው ገጹ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ መልእክቱ ውስጥም አብሮ መግባት አለበት። ለጉግል ደግሞ ሊንኩ ላይ rel="sponsored" ይደረጋል። ያ ግን ለማሽን ነው፣ አንባቢ አያየውም።

ምጣዱን ሻጩ በነፃ ልኮላት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኮሚሽን አገኛለሁ ማለቱ ብቻ አይሸፍነውም፤ «ምጣዱ በነፃ ነው የተሰጠኝ» የሚልም ይጨመርበታል። ጋግራበት የማታውቀው ከሆነ ደግሞ «ዓይኑ ቆንጆ ነው የሚወጣው» ማለት አትችልም። ከገዢዎች አስተያየት የሰበሰበችው ከሆነ እንደዚያው ብላ ትጻፈው።