ካስት፣ መደብና ብሔር፦ የካፋ ማንጆዎች በሦስቱ ሚዛን

የማንጆ ማኅበረሰብ በካፋ ዞን በቦንጋ ዙሪያና ከዚያ ርቀው ባሉ ወረዳዎች እንዲሁም በአጎራባቹ የሸካ ዞን ይኖራል። ቋንቋው የካፋ ሕዝብ የሚናገረው ካፊኖኖ ነው፤ አለባበሱም ሆነ የእንሰት አዘገጃጀቱ ከጎረቤቶቹ የሚለየው በጥቂቱ ነው። ያም ሆኖ አንድ ሰው ከማንጆ ወላጆች ከተወለደ ከሌላው ካፋ ጋር እንዳይጋባ፣ ከአንድ ገበታ እንዳይበላ፣ በአንድ የመቃብር ስፍራ እንዳይቀበር ለብዙ ትውልድ ተከልክሎ ኖሯል። ሰውን የሚከፋፍሉት ሦስቱ መንገዶች፣ ማለትም ሰውን በትውልዱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ካስት፣ መደብና ብሔር፣ በምን እንደሚለያዩ ለማየት ይህ ማኅበረሰብ ተስማሚ ምሳሌ ነው፤ ባለፈው መቶ ዓመት በተለያዩ መንግሥታት በሦስቱም ዓይን ታይቷልና።

ስለ ካፋ ንጉሣዊ መንግሥት በአንጻራዊነት ብዙ ይታወቃል። መንግሥቱ ጥልቅ ጉድጓዶችና በሮች ባሏቸው የድንበር መከላከያዎች የታጠረ፣ ንጉሡ ሚክሬቾ ከሚባለው የአማካሪዎች ጉባኤ ጋር የሚያስተዳድረው፣ በሚገባ የተደራጀ አገር ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ እያንዳንዱ ወገን በትውልድ የተሰጠው ሥራ ነበረው። ቀሞዎች ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ ማኖዎች ቆዳ ያለፋሉ፣ ሸክላም ይሠራሉ፤ ማንጆዎች ደግሞ ያድናሉ፣ የአገሩንም በሮች ይጠብቃሉ። የመንግሥቱን በር እንዲጠብቅ የታመነ ሰው የመንደርተኛውን ደጃፍ እንዳያልፍ መከልከሉ ላይ ላዩን ሲያዩት እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። የካስት ሥርዓት ግን የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ የተናቀውን ወገን አያባርረውም፣ አስፈላጊ በሆነ ነገር ግን ሌላው በማይሠራው ሥራ ላይ ያስቀምጠዋል።

የመለያየቱ ሕግ የሚገለጸው በንጽሕናና በርኩሰት ቋንቋ ነው። ማንጆዎች የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ስለሚበሉ ርኩሳን ናቸው ይባል ነበር። ምግብ ሲሰጣቸው በዕቃ ሳይሆን በቅጠል ላይ ይደረግላቸዋል፤ መንገድ ላይ ከፍ ያለ ወገን ሲያገኙ ዳር ይቆማሉ፣ ሰላምታቸውም «ልሙትልዎ» የሚል ትርጉም ያለው ነበር። ምግቡ እውነተኛው ምክንያት ከሆነ ምግቡን የተወ ሰው ከንቀቱ መውጣት ነበረበት። ብዙ ማንጆዎች ክርስትናን ተቀብለው የዱር እንስሳ ሥጋ መብላት አቁመዋል፤ መገለሉ ግን አልቀረም። ስለዚህ ሥጋው ምክንያት ሳይሆን ምልክት ነበር፤ መነሻው ትውልዱ ነው። ካስትን ከሌሎች ልዩነቶች ለመለየት ከሁሉ የሚሻለው መፈተኛ ይህ ነው፦ ለመገለሉ የሚሰጠው ምክንያት ሲወገድ መገለሉ ከቀጠለ ያ ክፍፍል ካስት ነው።

ስለ ማንጆዎች አመጣጥ የሚነገረው አንድ አይደለም። በቃል ታሪክ ማንጆዎች የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች እንደነበሩና የንጉሣውያኑ ወገን የሆኑት ሚንጆዎች ኋላ መጥተው እንደገዟቸው ይነገራል፤ ከጥንቱም የአንድ ሕዝብ አካል ሆነው በሥራ የተለዩ ናቸው የሚሉም አሉ። ይህ ክርክር የታሪክ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ ወደ በኋላ ይታያል።

በ1897 እ.ኤ.አ. የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሼሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተማረኩ በኋላ አገሩ ወደ ገባር ሥርዓት ገባ፤ ማንጆዎችም ከገባሩ በታች ቀሩ።

መደብ ሰውን የሚለየው ባለው ሀብትና ከመሬት ጋር ባለው ግንኙነት ነው። ድሃ ተወልዶ ሀብታም የሆነ ሰው መደቡን ቀይሯል ይባላል፤ ይህ የሚሆነው አልፎ አልፎ ቢሆንም ይቻላል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የኢትዮጵያን ገጠር ያየው በዚህ ዓይን ነበር፤ ጭሰኛና ባለመሬት የሚባል ግንኙነትን ሻረ፣ ለገበሬውም በገበሬ ማኅበሩ አማካይነት የሚያርሰው መሬት እንዲሰጠው ደነገገ። ማንጆዎች መሬት ያገኙት፣ ከሌላው ጋር በአንድ ማኅበር ስብሰባ የተቀመጡትም በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም፤ ከማገዶና ከከሰል ሽያጭ በቀር መተዳደሪያ ያልነበረው ቤተሰብ አራሽ ሆነ። ይሁን እንጂ ማንጆውና ሌላው ካፋ ከስብሰባው ወጥተው ወደየቤታቸው ሲሄዱ ማዕዱ እንደ ተለያየ ነበር። አዋጁ መሬት ሊያከፋፍል ይችላል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚበላና ማን ማንን እንደሚያገባ ግን አይደነግግም። በሌላ አነጋገር ሀብት ያገኘ ማንጆ ሀብታም ማንጆ ሆነ እንጂ ማንጆነቱ አልተረሳለትም።

ብሔር ደግሞ በመርሕ ደረጃ ጎን ለጎን የሚቆም ክፍፍል ነው። እያንዳንዱ ብሔር የራሱ ሀብታምና ድሃ፣ የራሱ መሪና ተራ ሰው ይኖረዋል፤ ካስት ግን ከላይና ከታች ያለ ወገን ከሌለ ትርጉም የለውም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ለብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ የሰጠው ትርጉም የጋራ ባህልን ወይም ተመሳሳይ ልምዶችን፣ የሚግባቡበትን የጋራ ቋንቋ፣ የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመንን፣ የሥነ ልቦና አንድነትንና በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድርን ይጠይቃል። በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየ ማንነት እንዳለው ሲረጋገጥ ይህ መንገድ ምን ያህል ውጤት እንደሚያመጣ ታየ። የራስ ቋንቋ፣ የራስ አስተዳደርና የራስ በጀት ይከተላል።

ማንጆዎችም ለዞን፣ ለክልልና ለፌዴራል አካላት ባቀረቡት አቤቱታ ስለ መገለሉ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ውክልና ጠይቀዋል፤ ከእነርሱ መካከል የተለየ ማንነታችን ይታወቅልን ያሉም አሉ። የአመጣጡ ክርክር ክብደት ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ቀደምት ነዋሪ የነበሩ ሌላ ሕዝብ ከሆኑ ጥያቄው ከአንቀጽ 39 ጋር ይቀራረባል፤ የካፋ አንድ ወገን ከሆኑ ግን አይቀራረብም። አስቸጋሪው ነገር ቋንቋቸው ካፊኖኖ መሆኑና መንደሮቻቸው በሌላው ካፋ መካከል ተበታትነው መገኘታቸው ነው፤ ያገለላቸው ሥርዓት የራሳቸውን መልክዓ ምድር አልሰጣቸውም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ካፋ የጋራ ቤታቸው ነውና ጥያቄያቸው በካፋነት ውስጥ ሙሉ መልስ ማግኘት ይገባዋል፤ ነገር ግን ያን መልስ የመስጠት ዕዳው የአግላዩ እንጂ የተገለለው አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. በአካባቢው የሰው ሕይወት የጠፋበት ግጭት መነሣቱም ቁጣው ምን ያህል ተከማችቶ እንደነበር ያመለክታል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 በማኅበራዊ አመጣጥና በትውልድ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ይሁንና በአንቀጽ 54 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ 20 መቀመጫዎች የተያዙት ለአነስተኛ ብሔረሰቦች ነው። በትውልድ የተገለለ ነገር ግን ብሔረሰብ ያልተባለ ወገን በዚህ በር አይገባም። ሕንድ የሄደችበት መንገድ ከዚህ ይለያል። በ1950 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 17 «አይነኬ» የሚለውን ልማድ ከመሻሩም በላይ የተገለሉትን ካስቶች በስም ዘርዝሮ ለመመዝገብ መንገድ ከፈተ፤ ዛሬ ከታችኛው ምክር ቤት 543 መቀመጫዎች 84ቱ ለእነዚህ ካስቶች የተጠበቁ ናቸው። እዚያ አንድ ሰው ተወካይ ለማግኘት የተለየ ሕዝብ መሆኑን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ በካስትነቱ መገለሉ ራሱ በቂ ነው። ይህ መንገድ የራሱ ጉድለት አለው፤ በመዝገብ የሰፈረው ስም ሰውየው ሊተወው ከሚፈልገው መጠሪያ ጋር ያስረዋል፣ ጋብቻም እስከ ዛሬ በአብዛኛው በካስት ውስጥ ይፈጸማል። የማንጆዎችን ሁኔታ ለመከታተል የሚፈልግ ሰውም ከመሬት ድርሻቸውና ከምክር ቤት ወንበራቸው ይልቅ ጋብቻንና መቃብርን ቢያይ ይሻላል፤ በካፋ ክልከላው የሚላላው መጨረሻ ላይ በእነዚህ ሁለቱ ነው።